ከቅበላ እስከ ፍልሰታ
ሲጋራ ለመተው የሚታገል ሰው የሚያልፍባቸው ደረጃዎች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት፤ በሁዳዴ ጾም ሲጋራ የሚያቆሙ ወንድሞች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። በቅበላ የመጨረሻዋን አጭሰው ሰኞ ጾሙን ይይዛሉ፤ 55ቱን ቀን ሳይነኩ ይቆያሉ። የትንሣኤ ዕለት ግን ከዶሮው ወጥና ከቡናው በኋላ አንዲት ይለኩሳሉ፤ ሳምንቱም ሳያልቅ ወደ ቀድሞው ይመለሳሉ። እኛም ይህን ስናይ «መጀመሪያውኑ ከልቡ አልነበረም» ብለን እናልፋለን። ነገር ግን 55 ቀን የቻለ ሰው 56ኛውን ቀን ለምን ያቅተዋል? ይህን ጥያቄ በሚገባ ለመመለስ የሚረዳ አንድ የሥነ ልቡና ትምህርት ስላለ በዚህ ጽሑፍ እርሱን እንመለከታለን።

ትምህርቱን ያወጡት ጄምስ ፕሮቻስካና ካርሎ ዲክሌሜንቴ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ምሁራን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1983 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት ማጨስን በራሳቸው ጥረት ለመለወጥ የሚሞክሩ 872 ሰዎችን መርምረው ነበር። ያገኙትም ነገር ማቆም የአንድ ቀን ድርጊት ሳይሆን ረጅም መንገድ መሆኑን ነው። መንገዱንም በደረጃ ከፈሉት። በሚቀጥሉት ስድስት ወራት ውስጥ ለመተው ምንም ሐሳብ የሌለው ሰው «ባለማሰብ» ደረጃ ላይ ነው። በስድስት ወር ውስጥ እተዋለሁ የሚል ግን ቀን ያልቈረጠ «በማመንታት» ላይ ነው። በአንድ ወር ውስጥ ለመተው የወሰነና አንዳንድ ነገር የጀመረ «በዝግጅት» ላይ ነው። ካቆመ ስድስት ወር ያልሞላው «በተግባር» ላይ፣ ስድስት ወር ያለፈው ደግሞ «በመጽናት» ላይ ይባላል።

እስቲ ይህን መለኪያ ይዘን ወደ ጾመኛው ወንድማችን እንመለስ። 55 ቀን ከስድስት ወር ሲሶውን እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በትንሣኤ ዕለት ድል ያደረገ የሚመስለን ሰው ገና በተግባር ደረጃ መካከል የሚገኝ ነው። ከዚህም በላይ የልቡ ሐሳብ «እስከ ፋሲካ ብቻ» ከነበረ፣ እጁ ቢያቆምም ልቡ ገና ከማመንታት አልወጣም ማለት ነው። ደረጃው የሚለካው በቀን ብዛት ብቻ ሳይሆን በአሳብም ጭምር ነውና።

ነገሩ እንዲጨበጥ በከተማችን በሉማሜ የሚኖር አንድ አናጢ እናስብ። ይህ ሰው የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም፤ የብዙዎችን ጠባይ ሰብስበን የሠራነው ምሳሌ ነው። ዕድሜው 34፣ ባለትዳር፣ የሁለት ልጆች አባት ነው እንበል።

በመጀመሪያ ከእኛ አባላት አንዱ ቀርቦ «ጋሼ፣ ሲጋራ ሳንባዎን እያቃጠለው ነው፤ ለምን አይተዉትም?» ይለዋል። እርሱም «ተወኝ ልጄ፣ አጎቴ እያጨሰ ሰማንያ ደፍኗል» ብሎ ይመልሳል። ይህ ባለማሰብ ላይ ያለ ሰው አነጋገር ነው። በዚህ ጊዜ ክርክሩን ብንገፋበት የሚያገኘው ነገር ቢኖር ሲጋራውን ለመከላከል ተጨማሪ ምክንያት መፈለግ ብቻ ነው። በዚህ ደረጃ የሚጠቅመው «ጋሼ፣ ከማጨስዎ የሚወዱት ምኑን ነው? የሚጠሉትስ ነገር አለው?» ብሎ መጠየቅና መልሱን ዝም ብሎ መስማት ነው። ሰው የሚጠላውን በራሱ አፍ ሲናገር ከጎረቤቱ አፍ ከሚሰማው ይልቅ ልቡን ይነካዋል።

ከጥቂት ወራት በኋላ ትንሿ ልጁ «አባዬ፣ ትሸታለህ» ብላ ፊቷን ታዞራለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ «መተውስ ነበረብኝ» ማለት ይጀምራል። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን «አሁንማ ተለወጠ» ብለን ደስ ይለናል። ዳሩ ግን ማመንታት ሰው ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥበት ቤት ነው። ፕሮቻስካና ባልደረቦቹ በዚህ ደረጃ ላይ የነበሩ 200 አጫሾችን ሁለት ዓመት ቢከታተሉ፣ በብዛት የታየው ውጤት እዚያው ሲያመነቱ መቆየት ነበር። ምክንያቱም ሲጋራው የሚሰጠውና የሚነሣው ነገር በሚዛኑ ላይ እኩል ስለሆነ ነው። አናጢያችንም ልጁን ያስባል፤ ነገር ግን ማታ ከጓደኞቹ ጋር ያለውን ጨዋታ ያስባል። ስለዚህ የሚያመነታውን ሰው «መቼ ትተዋለህ?» ብሎ ከማጣደፍ ይልቅ ያንን የማታ ጨዋታ በምን እንደሚተካው አብሮ ማሰብ ይሻላል።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ቀን ሲቈረጥ ነው። ለእኛ አገር ሰው ሁዳዴ የተዘጋጀ ቀን ነው፤ አናጢያችንም የጾሙን መግቢያ ሰኞ ይቈርጣል። የቅበላን ሳምንት ግን በመሰነባበት ብቻ አያሳልፈውም። በቁራጭ ወረቀት ላይ እያንዳንዷን ሲጋራ ሲለኩስ ይመዘግባል። ቀድሞ ሲጠየቅ «ከአምስት አትበልጥም» ይል ነበር፤ ወረቀቱ ግን በቀን 11 መሆኗን ያሳየዋል። ይህ የሆነው በነጠላ ስለሚገዛ ነው። ፓኮ የሚገዛ ሰው ያለቀውን ያያል፤ በነጠላ የሚገዛ ግን ቁጥሩ ይጠፋበታል። (በነጠላ መሸጥ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የተከለከለ ነው፤ ዕድሜው 21 ላልሞላው መሸጥም እንዲሁ።)

ከቁጥሩ ይልቅ የሚጠቅመው ግን ሰዓቱ ነው። ጠዋት እንደ ነቃ 1፣ ከቡና ጋር 3፣ በሥራ መካከል 2፣ ማታ ጠላ ቤት 5 ሆኖ ይገኛል። የጠዋቷ አንዲት ብዙ ትናገራለች። ከእንቅልፉ በነቃ በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚያጨስ ሰው አካሉ በኒኮቲን ላይ ያለው ጥገኝነት የበረታ ስለሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ባለሙያ ማማከር ይገባዋል። የማታዎቹ አምስት ደግሞ የቦታና የጓደኛ ናቸው። እነዚህ ሁለቱ በተለያየ መንገድ የሚታከሙ ናቸው፤ ልዩነታቸውም በፋሲካ ይገለጣል።

ሰኞ ደረሰ። ኒኮቲን ከደም ውስጥ ፈጥኖ የሚወጣ ነገር ነው፤ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ጭንቀቱ ይጀምራል፤ እስከ ረቡዕም ይበረታል። ሰውየው ይቈጣል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ሐሳቡን መሰብሰብ ያቅተዋል። ቤተሰቡ «ጾሙ ከበደው» ይላሉ፤ ግን ጾሙ ብቻ አይደለም። ይህን ቀድማ ያወቀች ሚስት በእነዚያ ሦስት ቀናት ከባሏ ጋር የከረረ ጉዳይ አታነሣም። የማጨስ አምሮት ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ያልፋልና ውኃ መጠጣት ወይም ከተቀመጡበት ተነሥቶ መንቀሳቀስ ያሻግረዋል። በጾሙ ሰዓት ውኃ የማይጠጣ ከሆነ መንቀሳቀሱ ይበቃዋል። የአካሉ ጭንቀት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ በአብዛኛው ይለቃል። በጾሙ አቈጣጠር ብንለው ደብረ ዘይት 28ኛው ቀን ስለሆነ፣ በዚያን ዕለት ሰውነቱ ከኒኮቲኑ ጋር የነበረውን ሙግት ከሞላ ጎደል ጨርሷል።

እንግዲህ በትንሣኤ ዕለት የሚያስለኩሰው ምንድን ነው? አካሉ እንዳልሆነ አይተናል። በጾሙ ወራት ጠላ ቤቱ አልነበረም፤ ሠርግም አልነበረም፤ የቡናውም ሰዓት ተለውጦ ነበር። ይኸውም ጾሙ ሲጋራውን ብቻ ሳይሆን ሲጋራውን የሚጠሩትን ነገሮች ሁሉ አብሮ አጥሮለት ነበር። በ56ኛው ቀን ግን አጥሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሣል። ከዚያም በኋላ እስከ በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ በጾሙ የቆየው ሠርግም የሚበዛው በዚሁ ወቅት ነው። ስለዚህ ወንድማችን እነዚያን አምስት የማታ ሲጋራዎች ያለ አጥር የሚገጥመው ገና ያን ጊዜ ነው። እኛ ግን በሁዳዴ ስንጠይቀው ከርመን «በዓሉ ደረሰ፣ አበቃ» ብለን የምንተወው በዚያው ሳምንት ነው።

ይህን ያወቀ ሰው ከሆሳዕና በፊት ሁለተኛ ዝግጅት ያደርጋል። ለፋሲካው ቡና ከማያጨስ ሰው አጠገብ ይቀመጣል። በሠርግ ቤት ሲጋራ ሲዘረጋለት የሚመልሰውን ቃል አስቀድሞ ያዘጋጃል፤ «ትቻለሁ» የምትለው አጭር ቃል «ዛሬ ይቅርብኝ» ከምትለው ትሻላለች፤ «ዛሬ» የሚል ሰው ለነገ በር ከፍቷልና። ስድስቱ ወር የሚሞላው ደግሞ ወደ ፍልሰታ ገደማ ስለሆነ ጓደኞቹ የሚጠይቁትን ቀን እስከዚያ ድረስ ይቈጥሩታል።

ይህም ሁሉ ሆኖ አናጢያችን በዳግም ትንሣኤ ሠርግ ላይ አንዲት አጨሰ እንበል። እዚህ ላይ ትልቁ አደጋ ሲጋራዋ አይደለችም። አለን ማርላት የተባለ ሌላ የሥነ ልቡና ምሁር እንዳስተማረው፣ አንዴ የተሰናከለ ሰው «በቃ ሁሉ ነገር ፈረሰ» ብሎ ሲያስብ ያ አሳብ ራሱ ወደ ሁለተኛዋና ወደ ሦስተኛዋ ይገፋዋል። በእኛ ዘንድ ደግሞ ኀፍረት ይጨመርበታል፤ ከንስሐ አባቱ ይሸሻል፣ ጉባኤም ይቀራል፣ የሚያገኘውም ጠላ ቤቱን ብቻ ይሆናል። ፕሮቻስካና ባልደረቦቹ ካገረሸባቸው አጫሾች ወደ አለማሰብ የተመለሱት ከ100 15 ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አግኝተዋል፤ ሌሎቹ ወደ ማመንታት ወይም ወደ ዝግጅት ነው የወረዱት። ስለዚህ በማግስቱ የምናገኘው ሰው ዱሮ «ተወኝ ልጄ» ይል የነበረው ሰው አይደለም። «ጋሼ፣ ያቺ አንዷ የት ቦታ ነበረች? ከማን ጋር ነበሩ?» ተብሎ ይጠየቅና መልሱ በዚያችው የቅበላ ወረቀት ላይ ይጨመራል።

ትምህርቱ ግን እንደ ቀኖና የሚያዝ አይደለም። እንግሊዛዊው ሮበርት ዌስት እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. ከባልደረባው ጋር ባወጣው ጥናት ለማቆም ከተደረጉት ሙከራዎች ግማሽ ያህሉ ያለ ምንም ዝግጅት በድንገት የተደረጉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. የብዙ ጥናቶችን ውጤት ያሰባሰበ ግምገማም በደረጃ የተለካ እርዳታ ያንኑ እርዳታ ያለ ደረጃ ከመስጠት እንደማይበልጥ አሳይቷል። በእኛ አስተያየት ደረጃዎቹ የሚጠቅሙት የሰውየውን ንግግር ለመስማት ነው፤ ሰውን ለመመደብ አይደለም። አንድ ሰው ማክሰኞ ማታ መጥቶ «ከዛሬ ጀምሮ ትቻለሁ» ቢል «ገና በዝግጅት ላይ ነዎት፣ ሁዳዴን ይጠብቁ» ሊባል አይገባውም። በዚያው ማታ ክብሪቱንና መተርኮሻውን ከቤት አውጥቶ፣ ሐሙስን ወይም ዓርብን፣ ማለትም የሚከብዱትን ቀናት፣ ማን አብሮት እንደሚውል መነጋገር ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።