የላሜራ በር በእውነት ስንት ሰዓት ይፈጃል?

አምቦም ሆነ ጉደር፣ ጊንጪም ሆነ ጌዶ፣ በብየዳ ቤት «በሁለት ቀን ይደርሳል» የተባለ የላሜራ በር በሳምንቱ ሲጫን ማየት የተለመደ ነው። ደንበኛው ተዋሸሁ ብሎ ይቀየማል። ባለሙያው ግን ቃሉን ሲሰጥ ከልቡ በሁለት ቀን የሚያልቅ መስሎት ነበር። የጠፋው ጊዜ የት እንደገባ የሚታወቀው እያንዳንዱ ሥራ የወሰደው ሰዓት በዕለቱ ሲጻፍ ነው። አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶና አንድ የግድግዳ ሰዓት ይበቃሉ።

መጀመሪያ የሚጻፈው ግምቱ ነው። ብረት ከመቆረጡ በፊት ሥራውን በየክፍሉ ይዘርዝሩ፦ ልኬት፣ መቁረጥ፣ ፍሬም መበየድ፣ ላሜራ መግጠም፣ በግራይንደር ማለስለስ፣ አንቲረስትና ቀለም፣ ቦታው ላይ መትከል። ከእያንዳንዱ ፊት ስንት ሰዓት ይወስዳል ብለው እንደሚያስቡ በእስክሪብቶ ይጻፉ፤ ከዚያ በኋላ አይንኩት። ከዚህ በላይ ማብዛት አያስፈልግም። ዲስክ መቀየርን ለብቻው መመዝገብ የጀመረ ሰው በሦስተኛው ቀን ደብተሩን ይተወዋል።

ቀጥሎ በየትኛው ሰዓት እንደሚጻፍ ይወስኑ። ብዙ ስህተት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ባለሙያው ሥራ የጀመረው ከጠዋቱ 4:00 ነው ብሎ በእኛ አቆጣጠር ይጽፋል፤ ሲጨርስ ስልኩን አይቶ 11:45 ይላል። ሲቀነስ 7 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይሆናል፤ በእውነት የሠራው ግን 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው። የእኔ ምክር በእኛ አቆጣጠር መጻፍ ነው። ከጠዋቱ 2:00 እስከ 11:00 ባለው የሥራ ቀን ውስጥ ቁጥሩ አሥራ ሁለትን ሳይሻገር ስለሚያድግ መቀነሱ ይቀላል። የግድግዳውን ሰዓት በዚያው ይሙሉት፤ ሁሉም ከእሱ ብቻ ያንብብ። ቋንቋውን ግን ለጻፊው ይተዉለት፤ በአፋን ኦሮሞ መጻፍ የሚቀናው ረዳት በአማርኛ ጻፍ ከተባለ ይዘገያል፣ ከዚያም ይተዋል።

አጻጻፉ ሲጀመርና ሲቆም ነው፤ ማታ በትዝታ አይደለም። ማታ የሚያስታውስ ሰው ዋናውን ብየዳ ያስታውስና ኤሌክትሮድ ፍለጋ የሄደበትን አርባ ደቂቃ ይረሳል። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ከሦስት ቃላት አንዱን ያክሉ፦ እጅ፣ መንገድ ወይም ጥበቃ። ለምሳሌ፦

ፍሬም መበየድ — 3:10 እስከ 5:00 — እጅ
መብራት ጠፋ — 5:00 እስከ 6:20 — ጥበቃ

መብራት በጠፋበት ጊዜ ባለሙያው የሌላ ደንበኛ መስኮት ቀለም ከቀባ፣ ያ ሰዓት በመስኮቱ ገጽ ላይ እንደ «እጅ» ይጻፋል እንጂ የበሩ ጥበቃ አይባልም። ሁለት ሰዎች አንድ ሰዓት አብረው ከሠሩ ደግሞ የተሠራው ሁለት ሰዓት ነው፤ ረዳቱ ላሜራውን ቢይዝም ሰዓቱ ይቆጠራል።

አሁን አንድ በር ልከተል። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያዘጋጀኋቸው ቢሆኑም መልካቸው በየብየዳ ቤቱ የሚገኝ ነው። በሩ በአምቦ ተሠርቶ ከ12 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ባለችው ጉደር የሚተከል፣ ባለ ሁለት ተከፋች ነው። ግምቱ 16 ሰዓት፣ ማለትም የሁለት ቀን ሥራ ነበር። መቁረጥ 2 ሰዓት ተብሎ 2:10 ወሰደ። ፍሬሙ 4 ሰዓት ተብሎ 4:30፣ ላሜራው 3 ሰዓት ተብሎ 3:20 ሆነ። የእነዚህ የሦስቱ ግምት 9 ሰዓት ነበር፤ በ10 ሰዓት አለቁ። ባለሙያው ሙያውን ያውቃል ማለት ነው።

ሌላውን እንይ። ልኬት ግማሽ ሰዓት ተብሎ የጉደር መንገድ ሲጨመርበት 1:20 ሆነ። ማለስለስ ከ1:30 ወደ 2:30፣ ቀለም ከ2:00 ወደ 2:15 ሄደ። ተከላው 3 ሰዓት ተብሎ 5:30 ፈጀ፤ ግድግዳው በቱንቢ ሲታይ ያዘመመ ስለነበር ጠርዙ መፈለጥ ነበረበት። ብረትና ማጠፊያ ለመግዛት የዋለው 1:40 ደግሞ በግምቱ ውስጥ ጭራሽ አልነበረም። የእነዚህ ግምት 7 ሰዓት፣ የወሰዱት 13 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው። ጠቅላላው 23 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ሆነ። ሰኞ የተጀመረው በር የተተከለው ግን በሚቀጥለው ሰኞ ነው፤ በመካከሉ የሌሎች ደንበኞች ሥራ፣ የመብራት መጥፋት፣ የቀለም መድረቅ፣ እሑድና በጉደር በር ከፋች የታጣበት ቀን አለ።

ይህ የብየዳ ሰዎች ብቻ ችግር አይደለም። ሮጀር ቢውለርና ባልደረቦቹ በካናዳ ያደረጉትና በፈረንጆች 1994 የወጣው ጥናት የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፉ ተማሪዎችን በስንት ቀን እንደሚጨርሱ ጠይቆ ነበር። ግምታቸው በአማካይ 34 ቀን ገደማ ሲሆን የፈጀባቸው ከ55 ቀን በላይ ነው። ሁሉም ነገር እጅግ ቢበላሽስ ተብለው የሰጡት ግምት እንኳ 49 ቀን ገደማ ነበር። ሰው ሲገምት ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በልቡ ያስኬደዋል፤ ባለፈው ጊዜ ያዘገየውን ነገር ግን ለዚያ ጊዜ ብቻ የደረሰ አጋጣሚ አድርጎ ይተወዋል። የጉደር በር ላይ መንገዱና ያዘመመው ግድግዳ የተዘለሉት ለዚህ ነው።

መዝገቡን የሚያበላሸው ፍርሃት ነው። ባለቤቱ 2:30 የፈጀ ማለስለስ አይቶ «ምን ስትሠራ ነበር?» ካለ፣ በማግስቱ የሚጻፈው 1:30 ይሆናል። የተበላሸ መዝገብ በዓይን ይለያል፦ ሁሉም ሰዓት በ00 ወይም በ30 ያልቃል፣ ጥበቃ የሚባል መስመር አይታይም፣ የወሰደው ጊዜ ከግምቱ ጋር በየገጹ እኩል ነው፣ እስክሪብቶውና የእጅ ጽሑፉ የሳምንቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። እንዲህ ያለ ገጽ ለሂሳብ አይግባ። ሠራተኛው እውነቱን እንዲጽፍ ደብተሩ ለእሱም መሥራት አለበት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ ከዚያ ያለፈው ሰዓት በዚሁ ደብተር ተቆጥሮ ቢከፈለው ደቂቃ አይደብቅም።

አምስት ስድስት ተመሳሳይ በሮች ከተመዘገቡ በኋላ ለአዲሱ በር ከባዶ መገመት ይቀራል። የቀደሙትን ጠቅላላ ሰዓቶች ከትንሹ ወደ ትልቁ ይደርድሩ። የእጅና የመንገድ ሰዓት ለዋጋ ነው፤ መካከለኛውን ይውሰዱ። ለቀጠሮ ግን ሰዓት አይበቃም፤ እያንዳንዱ በር ከተጀመረበት እስከ ተተከለበት የፈጀውን ቀን ይደርድሩና ከረዥሙ አጠገብ ያለውን ለደንበኛው ይንገሩ። ሰባት ቀን ተብሎ በአምስተኛው የደረሰ በር የሚያስቀይመው ሰው የለም።

የተከማቸው መዝገብ የሚሠራው ለሚመሳሰል ሥራ ብቻ ነው። የበር መዝገብ ስለ ጠመዝማዛ ደረጃ አይናገርም። የበጋው የጉደር መንገድም ለክረምቱ አይሆንም፤ ክረምቱን በሌላ ገጽ ይያዙት። ጨርሶ አዲስ ሥራ ሲመጣ ረዳቱ ከባለሙያው ተለይቶ ግምቱን ይጻፍ። በዚያው የካናዳ ጥናት ሌላ ሰው የሰጠው ግምት ከሠሪው ይልቅ ረዘም ያለ ሆኖ ነበር፤ ሁለቱ ሲለያዩም ለደንበኛው የሚነገረው ረዥሙ ነው።