የሻንሲ ቁጥር የመጀመሪያ ምልክት ስለ መኪናው የትውልድ ስፍራ ምን ይናገራል?

አንድ የደብረ ታቦር እህል ነጋዴ ለቤቱ የኤሌክትሪክ መኪና ሊገዛ ወደ አዲስ አበባ ወረደ እንበል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ገበያው ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አዘንብሏል። ደላላውም አንድ ቮልስዋገን አይዲ 4 አሳይቶ፥ «ይህ የጀርመን መኪና ነው፤ ዋጋውም የጀርመን ዋጋ ነው» ይላል። ነጋዴው የደላላውን ቃል ከመቀበሉ አስቀድሞ የሻንሲውን ቁጥር ማንበብ ይገባዋል።

በ1977 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የስታንዳርድ ድርጅት ባወጣው ደንብ መሠረት የሻንሲ ቁጥር አሥራ ሰባት ፊደላትና አኃዞች አሉት። ከእነዚህም የመጀመሪያው የዓለምን ክፍል ያመለክታል። ከ A እስከ C አፍሪካ፥ ከ J እስከ R እስያ፥ ከ S እስከ Z አውሮፓ፥ ከ 1 እስከ 5 ሰሜን አሜሪካ ነው። ከእስያ ውስጥ J ለጃፓን፥ K ለኮሪያ፥ L ለቻይና ተሰጥተዋል፤ W ደግሞ የጀርመን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምልክቶች በአንድነት ሲነበቡ ሠሪውን ኩባንያ ያስታውቃሉ።

እንግዲህ ነጋዴው ከፊት መስታወቱ ሥር የተጻፈውን ቁጥር ቢያነብ በ LSV ይጀምራል። L መኪናው የቻይና ልጅ መሆኑን ይናገራል፤ LSV የቮልስዋገን የሻንጋይ ሽርክና ኩባንያ ምልክት ነው። በ LFV ቢጀምር ኖሮ ቮልስዋገን ከኤፍ.ኤ.ደብሊው. ጋር በቻይና ያቋቋመው ሌላው ኩባንያ የሠራው በሆነ ነበር። በጀርመን አገር የተሠራ አይዲ 4 ግን በ WVG፥ በአሜሪካ የተሠራው በ 1V2 ይጀምራል። ስለዚህ የንግድ ስሙ ጀርመናዊ ቢሆንም፥ ዕቃው የተገጣጠመው በሻንጋይ ነው፤ ደላላው የተናገረው የባለ ስሙን አገር እንጂ የመኪናውን አይደለም።

ይህ ማለት መኪናው መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ነገር ግን ለገዢው የሚያስከትለው ነገር አለ። የቻይናው መኪና የባትሪ መሙያ ቀዳዳ በቻይና ደንብ፥ ጂ.ቢ.ቲ. በሚባለው፥ የተሠራ ነው፤ የአውሮፓው ሲ.ሲ.ኤስ. 2፥ የአሜሪካው ሲ.ሲ.ኤስ. 1 ይባላል። ሦስቱ እርስ በርሳቸው አይገጥሙም። ባለቤቱ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በወረታ በኩል ባሕር ዳር፥ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፥ የሚያገኘው የመሙያ ገመድ ከቀዳዳው ጋር ካልገጠመ ማገናኛ ካልያዘ በቀር ከዚያ ቆሞ ይቀራል። በተጨማሪም የቻይናው መኪና የመስኮት ጽሑፍ ቻይንኛ መሆኑን፥ መለዋወጫውም ለቻይና ሞዴል የሚታዘዝ መሆኑን ከግዢ በፊት ማወቅ ይበጃል። ዋጋውም በዚሁ መሠረት መነጋገር አለበት።

ምልክቱን በማንበብ ረገድ ሰዎች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው። አንደኛ፥ መኪናው በዱባይ ወይም በጅቡቲ በኩል ማለፉ በቁጥሩ ላይ አይታይም፤ ቁጥሩ የሚናገረው የሠሪውን እንጂ የመንገዱን ታሪክ አይደለም። ሁለተኛ፥ በክፍል በክፍል ተፈትቶ መጥቶ በሌላ አገር የተገጣጠመ መኪና የመጀመሪያ ሠሪውን ቁጥር ይዞ ሊቀጥል ስለሚችል፥ የመጨረሻው ብሎን የታሰረበትን ስፍራ ፊደሉ ብቻውን አያረጋግጥም። ሦስተኛ፥ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ እንደ ቪትዝ ያሉ አሮጌ መኪኖች አሥራ ሰባት ምልክት የላቸውም፤ በመካከሉ ሰረዝ ያለበት አጭር የሻንሲ ቁጥር አላቸው። ይህም ማጭበርበር አይደለም።

ማጭበርበርን የሚያስጠረጥረው ሌላ ነው። በቁጥሩ ውስጥ I፥ O እና Q የሚባሉት ፊደላት ከ 1 እና ከ 0 ጋር እንዳይምታቱ ሲባል ከቶ አይገቡም፤ ከተገኙ የተጻፈው ስህተት ወይም የተነካካ ነው። እንዲሁም አይዲ 6 የሚባለው ቮልስዋገን የተሠራው በቻይና ብቻ ስለ ሆነ፥ በ W የሚጀምር ቁጥር ያለበት አይዲ 6 ከቀረበ ነገሩ አንዱ ሐሰት ነው።

ስለዚህ ገዢው የፊት መስታወቱን ቁጥር፥ በበሩ ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን፥ በሊብሬውና በጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ላይ ያለውን አራቱንም ፊደል በፊደል አስተያይቶ፥ የመጀመሪያውን ምልክት ከደላላው ቃል ጋር ያገናዝብ። አራቱ ተስማምተው L ከሆኑ፥ ቀጥሎ የሚጠየቀው ነገር የመሙያው ቀዳዳና ማገናኛው ነው። ከተለያዩ ግን ገንዘቡ ከኪስ መውጣት የለበትም።