የሻጭ ቃልና የገዢ ጥያቄ፦ በቴሌግራም የሚሸጥ የኤሌክትሪክ ምጣድን መግለጫ መልሶ ስለመጻፍ

መግቢያ

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከአየር ጤና እስከ ዓለም ባንክና ቤቴል ባሉት ሠፈሮች፣ የቤት ዕቃ ነጋዴዎች ዕቃቸውን በቴሌግራም ቻናል ማስተዋወቅ ለምደዋል። አሠራሩ የታወቀ ነው፦ ፎቶግራፍ ይለጠፋል፣ ከሥሩ ጥቂት መስመር ይጻፋል፣ የስልክ ቁጥር ይከተላል። ገዢው ዕቃውን ሳይዳስስ ይወስናል። በመርካቶ ሱቅ ውስጥ ሻጩ ፊት ለፊት በቃል የሚመልሰውን ሁሉ እዚህ ጽሑፉ ሊመልሰው ይገባል ማለት ነው።

ይህ አጭር ጽሑፍ አንድ ዕቃ ብቻ ይመለከታል፤ እሱም የእንጀራ ኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። የተመረጠበት ምክንያት በመግለጫው ላይ የሚጓደል ነገር ቶሎ ጉዳት ስለሚያስከትል ነው። ምጣዱ ከቤት ዕቃ ሁሉ ብዙ ኃይል ከሚስቡት አንዱ በመሆኑ፣ ሳያውቅ የገዛ ሰው ገንዘቡን ከማጣት አልፎ ሶኬቱን ሊያቃጥል ይችላል። የጽሑፉ ዋና ሐሳብም ይህ ነው፦ መግለጫ መጻፍ ያለበት ከዕቃው ውዳሴ ተነሥቶ ሳይሆን ገዢውን ከመግዛት ከሚያስቆመው ጥያቄ ተነሥቶ ነው፤ ጥያቄዎቹም በሚያስቆሙበት ቅደም ተከተል መመለስ አለባቸው።

የመነሻው ጽሑፍ

ከዚህ በታች ያለው ለማስረጃነት የተዘጋጀ ምሳሌ ነው፤ ከአንድ ሱቅ የተወሰደ ሳይሆን በዚህ ዓይነት ማስታወቂያዎች ላይ የሚዘወተሩትን ሐረጎች አሰባስቦ የያዘ ነው።

«ከፍተኛ ጥራት ያለው ዘመናዊ ኤሌክትሪክ ምጣድ! የእንጀራ ምጣድ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ምርጥ ምጣድ። የማብሰል ልምድዎን ወደ ላቀ ደረጃ ያሸጋግራል። ኃይል ቆጣቢ። ለረጅም ጊዜ የሚያገለግል። ዋጋ በውስጥ መስመር። ፈጥነው ይደውሉ፣ የቀረን ጥቂት ነው!»

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ገዢው ሊያረጋግጠው የሚችል አንድም ነገር የለም። «የማብሰል ልምድን ማሸጋገር» የሚለው ሐረግ ከባዕድ ቋንቋ ማስታወቂያ ቃል በቃል የተወሰደ እንጂ ምጣድ የሚገዛ ሰው አፍ ውስጥ የሚገኝ አይደለም። «ምጣድ» የሚለው ቃል አራት ጊዜ መደጋገሙ በፍለጋ እንዲገኝ ታስቦ ቢሆንም ንባቡን ያደናቅፋል። «ኃይል ቆጣቢ» የሚለውም ከምን ጋር ተነጻጽሮ እንደሆነ አይናገርም።

ጥያቄዎቹን መሰብሰብና መደርደር

የመጀመሪያው ሥራ መጻፍ ሳይሆን ማንበብ ነው። ሻጩ ስለዚያው ዕቃ በውስጥ መስመር የተጻፉለትን መልእክቶችና በስልክ የተጠየቀውን ገዢው በተናገረበት ቃል ይመዘግባል። ቃሉን ማቃናት አይገባም፤ «ቆጣሪ ይበላል?» ብሎ የጠየቀን ሰው «የኃይል ፍጆታው ምን ያህል ነው?» ብሎ መመዝገብ የጥያቄውን ሥር ይቆርጠዋል። ጠያቂው የሚያስበው ስለ ዋት ሳይሆን ስለ ቤተሰቡ ወጪ ነው፤ ቆጣሪ የሚጋራ ተከራይ ከሆነ ደግሞ ስለ አከራዩ ፈቃድ ነው።

ምጣድን የሚመለከቱ ጥያቄዎች በሦስት ክፍል ይመደባሉ። አንደኛው «ቤቴ ይሠራል ወይ?» የሚለው ነው፤ ሶኬትን፣ ሽቦንና ቆጣሪን ይመለከታል። ሁለተኛው «ምን እየገዛሁ ነው?» የሚለው ሲሆን የሸክላውን ስፋት፣ መሟሸቱንና ዋጋውን ይይዛል። ሦስተኛው «ቢበላሽስ?» የሚለው ነው። ከእነዚህ ውስጥ ዋጋና የመስመሩ ጉዳይ ቀድመው መምጣት አለባቸው፤ በእነዚህ በአንዱ የማይስማማ ገዢ የቀረውን ማንበብ አያስፈልገውምና። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ልማድ ግን ይህን የመጀመሪያ ጥያቄ እያንዳንዱ ሰው በየተራ እንዲያቀርበው ያስገድዳል።

ቅደም ተከተሉ ቴክኒካዊ ምክንያትም አለው። በቴሌግራም ከፎቶግራፍ ሥር የሚጻፍ ጽሑፍ ለመደበኛ ተጠቃሚ ከ1024 ፊደላት አይበልጥም፤ በስልክ ማሳወቂያ ላይ የሚታየው ደግሞ የመጀመሪያው መስመር ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ የመጀመሪያው መስመር ዕቃው ምን እንደሆነና ስንት እንደሚያወጣ መናገር ይኖርበታል።

መልሱን ማረጋገጥ

ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ከመጻፉ በፊት ይለካል። የሸክላው ስፋት በሜትር፣ ኃይሉ በዕቃው ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ ይወሰዳል። ምጣዱ 3500 ዋት ነው እንበል። በ220 ቮልት የሚስበው ጅረት እንዲህ ይሰላል፦

```
3500 / 220 = 15.9
```

ውጤቱ ወደ 16 አምፔር ይጠጋል። የተለመደው የግድግዳ ሶኬት የሚሸከመው ከፍተኛ መጠን 16 አምፔር በመሆኑ፣ ምጣዱ ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ሶኬቱን እስከ መጨረሻው ጠርዝ ይወስደዋል፤ መገናኛው ትንሽ ከላላ ይግላል፣ ይቀልጣልም። «በማንኛውም ሶኬት ይሠራል» የሚል መግለጫ ስለዚህ ከንቱ ውዳሴ ብቻ ሳይሆን አደጋ ነው። ትክክለኛው መልስ ምጣዱ የራሱ መስመር እንደሚያስፈልገው መናገር ነው።

ለ«ቆጣሪ ይበላል?» የሚሰጠው መልስም በተመሳሳይ መንገድ ይገኛል። 3500 ዋት ያለማቋረጥ ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢሠራ 5.25 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ሙቀት መቆጣጠሪያ ካለው ከዚህ ያንሳል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ጣሪያ እንጂ አማካይ አለመሆኑ መገለጽ አለበት። ከዚህ የተሻለ መልስ የሚፈልግ ሻጭ ምጣዱን ራሱ ጋግሮበት ከመጋገሩ በፊትና በኋላ ቆጣሪውን ያነብባል፤ ስንት እንጀራ እንደወጣም አብሮ ይጽፋል።

በተደጋጋሚ የሚቀርብ ቅሬታ አለ፦ «ምጣዱ ማታ ቶሎ አይግልም፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም።» ገዢው ዕቃው የተበላሸ ይመስለዋል። ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ የቮልቴጅ መውረድ ነው። ኃይል ከቮልቴጅ ካሬ ጋር ስለሚወርድ፣ መስመሩ ከ220 ወደ 190 ቮልት ቢወርድ 3500 ዋት የነበረው ምጣድ ወደ 2600 ዋት ገደማ ይወርዳል፤ ይህም ከኃይሉ ሩቡን ያጣል ማለት ነው። ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር ቀድሞ መናገር የመመለስ ጥያቄን ሊያስቀር ይችላል።

የተሻሻለው ጽሑፍ

«የእንጀራ ኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ሸክላው 58 ሳንቲ ሜትር፣ ዋጋው ___ ብር፤ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ማድረሻውን ይጨምራል።

ኃይሉ 3500 ዋት ነው። በተለመደው የግድግዳ ሶኬት እንዳይሰኩት፤ 20 አምፔር ብሬከርና 4 ካሬ የመዳብ ሽቦ ያለው የራሱ መስመር ይፈልጋል። መስመሩ ከሌለዎት ከመግዛትዎ በፊት የኤሌትሪክ ባለሙያ ቤትዎን ይይልዎ።

አንድ ሰዓት ተኩል ቢጋገርበት ቢበዛ 5.25 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። ቆጣሪ የሚጋሩ ከሆነ ይህን ቁጥር ለአከራይዎ ይንገሯቸው። ማታ መብራት ሲዳከም ምጣዱም ዘግይቶ ይግላል፤ ብልሽት አይደለም።

ሸክላው አልተሟሸም፤ እንደ ወጉ በጎመን ዘር ያሟሹታል። ስናደርስ ሸክላውን አብረን እናየዋለን፤ ስንጥቅ ካለው ወዲያው እንቀይራለን። የሚግለው ሽቦ በ6 ወር ውስጥ ቢቃጠል በነፃ እንቀይራለን። ሸክላው ከተረከቡ በኋላ ወድቆ ቢሰበር ግን አንተካም።»

ጽሑፉ ከመነሻው ቢረዝምም ከ1024 ፊደላት በታች ነው። «ጥራት ያለው» የሚል ቃል የለውም፤ ጥራቱን የሚያሳየው የ6 ወሩ ቃል ነው። ሻጩ ይህን ጊዜ ሊጠብቅ የማይችል ከሆነ የሚችለውን ያህል ብቻ መጻፍ አለበት። የኢትዮጵያ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ስለሚደነግግ፣ የተጻፈው ቃል ሻጩን የሚያስጠይቅ ቃል ነው።

ፍለጋን በተመለከተ፣ ገዢዎች አንዳንዱ «ኤሌክትሪክ» አንዳንዱ «ኤሌትሪክ» ብለው ይጽፋሉ፤ ተራ የፊደል ፍለጋ ሁለቱን እንደ አንድ ቃል አይቆጥራቸውም። በተሻሻለው ጽሑፍ ውስጥ የመጀመሪያው አጻጻፍ በዕቃው ስም፣ ሁለተኛው በባለሙያው ስም ላይ አንድ አንድ ጊዜ ገብተዋል። በዚህም ንባቡ ሳይደናቀፍ ሁለቱም አጻጻፎች ይገኛሉ።

መፈተሽና ወሰኑ

የተሻሻለው ጽሑፍ በሁለት መንገድ ይፈተሻል። አንደኛው ዕቃውን ለማያውቅ ሰው ድምፅ አውጥቶ እንዲያነብበው መስጠትና ከዚያ «የት ይሰካል? ምን ያህል ይቆጥራል? ቢሰነጠቅ ማን ይከፍላል?» ብሎ መጠየቅ ነው። አንባቢው የተደናቀፈበት ቦታ ዐረፍተ ነገሩ መቃናት ያለበት ነው፤ ያልመለሰው ጥያቄ ደግሞ ጽሑፉ ውስጥ የተሸሸገ ነው። ሁለተኛው ከለውጡ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታትና ከለውጡ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት በውስጥ መስመር የመጡትን ጥያቄዎች በዓይነት መቁጠር ነው። ጽሑፉ የመለሰው ጥያቄ ቁጥሩ መቀነስ አለበት፤ ካልቀነሰ መልሱ ወይ ዘግይቶ መጥቷል ወይ ገዢው በማይጠቀምበት ቃል ተጽፏል።

ቆጠራው የሚያሳስትበት ጊዜ አለ። አንዱ ወገን ከፋሲካ ወይም ከእንቁጣጣሽ ዋዜማ ጋር ከተገጣጠመ የገዢው ብዛት ራሱ ስለሚለወጥ ንጽጽሩ ይዛባል። ስለዚህ የጥያቄዎቹን ጠቅላላ ቁጥር ሳይሆን ከጠያቂዎቹ መካከል ስንቱ ስለ ሶኬት እንደጠየቁ ማነጻጸር ይሻላል። የሽያጭ መጨመርም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በግልጽ የተጻፈ መግለጫ መስመር የሌላቸውን ገዢዎች ቀድሞ ስለሚመልስ ሽያጩ በመጀመሪያ ሊቀንስ ይችላል። ከእሱ ጋር አብሮ መታየት ያለበት ተመላሽ የሆነው ምጣድ ቁጥር ነው።

ጽሑፉ የማይደርስበት ነገርም አለ። የገዢው ቤት ሽቦ በግድግዳ ውስጥ ምን እንደሚመስል ሻጩ ሊያውቅ አይችልም፤ ስለዚህ የመግለጫው የመጨረሻ ድርሻ ገዢውን ወደ ባለሙያው መምራት ነው። የምጣዱ ሞዴል፣ ዋት ወይም ዋጋ በተለወጠ ቁጥር ደግሞ ስሌቱ ከመጀመሪያው ይሠራል፤ የ3500 ዋት ጽሑፍ በሌላ ምጣድ ፎቶግራፍ ሥር ከተለጠፈ ከመነሻው ማስታወቂያ የባሰ ያሳስታል።