ከፍግ የሚገኘውን ናይትሮጅን ቈጥሮ ከዩሪያ ላይ ስለ መቀነስ

ፍግ በእርሻው ላይ ያለበሰ ገበሬ «ከእንግዲህ ዩሪያ ምን ያህል ይቀነስልኝ?» ብሎ ሲጠይቅ በግምት የሚሰጠው መልስ በሁለት ወገን ጕዳት ያመጣል። ቅናሹ ያነሰ እንደ ሆነ ገበሬው የማያስፈልገውን ዩሪያ በገንዘቡ ይገዛል፤ ቅናሹ የበዛ እንደ ሆነ ግን አዝመራው ገና ሳያፈራ ምግብ ያልቅበትና ጕድለቱ በአውድማ ላይ ይታያል። ስለዚህ ቅናሹ ከላቦራቶሪ ወረቀት ተነሥቶ እንዴት እንደሚታሰብ በአንድ ምሳሌ ከዚህ ቀጥሎ እንገልጣለን።

አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፥ በፍግ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ጥቂቱ አሞኒየም በሚባለው መልክ ይገኛል፤ ይህን ሥር ሳይቈይ ሊወስደው ይችላል። የሚበዛው ግን ከብቱ በልቶት ካልፈጨው ሣርና ገለባ ጋራ ተሳስሮ ያለ ስለሆነ ኦርጋኒክ ናይትሮጅን ይባላል። ይህን ሥር አይወስደውም፤ በአፈር ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ቀስ በቀስ እየበሉ ሲያፈርሱት ብቻ ወደ አሞኒየምና ወደ ናይትሬት ይለወጣል። ይህም ለውጥ ሚኔራላይዜሽን ይባላል። በጎተራ ያለ እህል ሁሉ የዛሬ እራት እንዳይደለ፥ በፍግ ያለ ናይትሮጅንም ሁሉ የዘንድሮ አዝመራ ምግብ አይደለም።

ለላቦራቶሪ የሚላከው ናሙና ከአንድ ስፍራ ብቻ የተወሰደ እንደ ሆነ ስሌቱ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። የክምሩን የደረቀ ቅርፊት አንሥቶ ከውስጡ፥ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ከሚሆን ስፍራ እየወሰዱ በንጹሕ ባልዲ መደባለቅ፥ ከድብልቁም አንድ ኪሎ ያህል በላስቲክ ከረጢት አድርጎ አየሩን አስወጥቶ ማሰር ይገባል። ናሙናው በፀሐይ ቢሰጣ አሞኒየሙ በንኖ ይጠፋልና፥ ሳይደርቅ በቅዝቃዜ ተጠብቆ ፈጥኖ መድረስ አለበት።

ላቦራቶሪው አጠቃላይ ናይትሮጅንን የሚለካው ብዙ ጊዜ ዴንማርካዊው ዮሐን ኬልዳል በ1883 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በገለጠው ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ ኦርጋኒኩና አሞኒየሙ በአንድነት ይቈጠራሉ። ስለዚህ አሞኒየሙ ለብቻው እንዲለካ፥ የእርጥበቱም መጠን እንዲጻፍ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ምሳሌው እንግባ። አንድ ገበሬ በአንድ ሄክታር የበቆሎ እርሻ ላይ 100 ኵንታል የበረት ፍግ ሊያለብስ አሰበ እንበል። መጠኑን ለማወቅ አምስት የአህያ ጭነት መዘነ፤ አማካዩም 40 ኪሎ ሆነ፤ እንግዲህ 250 ጭነት 100 ኵንታል ይሆናል። ከላቦራቶሪ የመጣው ወረቀት እርጥበት ከመቶ 40 እጅ፥ አጠቃላይ ናይትሮጅን ከመቶ 1.5 እጅ፥ አሞኒየም ናይትሮጅን ከመቶ 0.15 እጅ ይላል። በግርጌውም ሁለቱ የናይትሮጅን ቍጥሮች «በደረቅ ክብደት» የታሰቡ መሆናቸው ተጽፏል።

መጀመሪያ ውሃው ይቀነሳል። ከ10,000 ኪሎ ፍግ 4,000 ኪሎው ውሃ ስለሆነ ደረቁ 6,000 ኪሎ ነው። የዚህ 1.5 እጅ 90 ኪሎ አጠቃላይ ናይትሮጅን ነው፤ 0.15 እጁ ደግሞ 9 ኪሎ አሞኒየም ነው። ከ90 ላይ 9 ሲነሣ ኦርጋኒኩ 81 ኪሎ ሆኖ ይገኛል።

ቀጥሎ ከኦርጋኒኩ በመጀመሪያው ዓመት የሚለቀቀው ይታሰባል። ላልተብላላ የከብት ፍግ ከመቶ 25 እስከ 35 እጅ መውሰድ የተለመደ ነው። እኛም 30ን ብንወስድ ከ81 ኪሎ 24 ኪሎ ያህል ይገኛል። አሞኒየሙ ግን በገበሬው ትጋት ላይ የተመሠረተ ነው። ፍጉ በተበተነበት ቀን በማረሻ ከአፈር ጋራ ከተቀላቀለ የሚበዛው ይተርፋልና ከ9 ኪሎው 6 እንቍጠርለት። ለብዙ ቀን በላይ ተሰጥቶ ከሰነበተ ግን በንኖ ይጠፋልና ምንም አይቈጠርም። እንግዲህ በዚያው ቀን ላረሰ ገበሬ የሚቈጠርለት 24 እና 6፥ በድምሩ 30 ኪሎ ናይትሮጅን ነው።

ለዚያ እርሻ የታዘዘው 92 ኪሎ ናይትሮጅን ቢሆን ከላዩ 30 ሲነሣ 62 ይቀራል። በዩሪያ ውስጥ ከመቶ 46 እጅ ናይትሮጅን ስላለ፥ 62ን በ0.46 ስናካፍል 135 ኪሎ ያህል ይሆናል። ያለ ፍግ 200 ኪሎ ያስፈልግ ስለ ነበረ የተረፈው 65 ኪሎ ዩሪያ ነው። እርሻው ሩብ ሄክታር እንደ ሆነ ፍጉም ዩሪያውም በአራት ይካፈላል። ከዩሪያ ሌላ ናይትሮጅን ያለበት ማዳበሪያ በዘር ጊዜ የሚጨመር እንደ ሆነ ግን የእርሱም ድርሻ ከ62 ኪሎው ላይ አስቀድሞ ሊነሣ ይገባዋል።

ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚሠራው በወረቀቱ ግርጌ ያለውን «በደረቅ ክብደት» የሚለውን ቃል ሳያነቡ ማለፍ ነው። እንዲህ ያደረገ ጸሐፊ 10,000ን በ1.5 እጅ አስቦ 150 ኪሎ ያገኛል፤ ሁሉም ዘንድሮ ይለቀቃል ብሎም «92 ኪሎ ብቻ ለሚፈልግ እርሻ ዩሪያ አያሻም» ሲል ይጽፋል። እውነተኛው ግን 30 ኪሎ ነበረ። በዚህ ወረቀት የታመነ ገበሬ በቆሎው ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ከጫፋቸው ጀምሮ በመካከለኛው ጅማት በኩል ወደ ውስጥ ሲቢጫጩ ያያል፤ ይህ የናይትሮጅን ራብ ምልክት ነው። ወዲያው ከታየና እርጥበት ካለ ዩሪያ በጐኑ ጨምሮ ማቃናት ይቻላል፤ ካበበ በኋላ ግን የጠፋው ምርት አይመለስም።

ፍጉ በሚገባ የተብላላ ኮምፖስት እንደ ሆነ ቶሎ የሚፈርሰው ክፍል በክምሩ ውስጥ ሳለ ስላለቀ፥ የመጀመሪያው ዓመት ድርሻ ከመቶ 10 እስከ 20 እጅ ብቻ ይወሰዳል። በ10 ቢታሰብ ያው 81 ኪሎ ኦርጋኒክ የሚሰጠው 8 ኪሎ ብቻ ነው። ገለባ የበዛበት ፍግም ካርቦኑ ከናይትሮጅኑ ከ30 እጥፍ በላይ የሆነ እንደ ሆነ፥ እነዚያ በዓይን የማይታዩት ሕያዋን ለራሳቸው ምግብ ከአፈሩ ናይትሮጅን ይወስዳሉ እንጂ ለአዝመራው አይለቁም፤ ለዚህ በመጀመሪያው ወራት ምንም ቅናሽ አይደረግም።

ዘንድሮ ያልተለቀቀውም ጠፍቶ አይቀርም። በሁለተኛው ዓመት ከመጀመሪያው 81 ኪሎ ከመቶ 10 እጅ፥ በሦስተኛው 5 እጅ ቢታሰብ፥ 8 ኪሎና 4 ኪሎ ያህል ይቈጠራል። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ የፍጉ መጠንና የተበተነበት ዓመት ካልተጻፈ ይህ ቅሪት ይረሳል።

በመጨረሻም የሚለቀቀው መጠን እንደ ሙቀቱና እንደ እርጥበቱ ይለዋወጣል፤ በብርዳማ ደጋ ይዘገያል፥ ዝናብ ሲቋረጥም ይቆማል። ስለዚህ ስሌቱን እርሻው ራሱ እንዲመረምረው፥ ቅናሽ በተደረገበት ማሳ መካከል አንድ ጠባብ መደብ ከፍጉ ጋራ ሙሉ ዩሪያ ይደረግበት። ሁለቱ በአረንጓዴነትና በምርት እኩል ከሆኑ ቅናሹ አልበዛም፤ መደቡ በግልጥ ከበለጠ ግን ለሚመጣው ዓመት ከ30 እጅ ወደ 25 ወይም ከዚያ በታች ዝቅ አድርጎ ማሰብ ይገባል።