ፔኒሲሊንን የሚለምደው ሰውነታችን አይደለም

በመኝታ ክፍላችን አንድ ጓደኛችን ጭኑ ላይ እባጭ ወጥቶበት ፔኒሲሊን ቢወጋ ቢወጋ አልሻል አለው። ሁላችንም «ሰውነቱ መድኃኒቱን ለምዶት ነው» አልን። መጽሐፍ ሳገላብጥ ግን ተሳስተን ኖሯል። ነገ ተማሪ ቢጠይቀን እንዳናፍር ያገኘሁትን እነሆ።

ባክቴሪያ የኛ ሕዋስ የሌለው ጠንካራ ግድግዳ አለው። ግድግዳው ከስኳር የተሠሩ ረጃጅም ክሮች ሲሆን፣ በክሮቹ ላይ አጫጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለቶች ተንጠልጥለዋል። የአንዱን ክር ሰንሰለት ከጎረቤቱ ጋር እያያዘ እንደ መረብ የሚያስተሳስረው ትራንስፔፕቲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ሰንሰለቱን የሚለየው ጫፉ ላይ ባሉት ሁለት አላኒኖች ነው።

ፔኒሲሊን ደግሞ ቅርጹ እነዚህን ሁለት አላኒኖች ይመስላል። መሐሉ ላይ 3 ካርቦንና 1 ናይትሮጅን የሠሩት ባለ 4 ማዕዘን ቀለበት አለ። ቤታ ላክታም የሚባለው ይኸው ነው። ማዕዘኖቹ ወደ 90 ዲግሪ ስለሚጠጉ ቀለበቱ እንደ ተወጠረ ቀስት ነው። ኢንዛይሙ ሰንሰለት ያገኘ መስሎት ሲይዘው ቀለበቱ ይከፈትና እላዩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ኢንዛይሙ ሥራ ፈት ነው። ባክቴሪያው ግን ለማደግ ሲል አሮጌውን ግድግዳ መፍታቱን አያቆምም፤ አዲሱ ደግሞ አይታሰርለትም። በመጨረሻ ውሃ ይገባበትና ይፈነዳል።

ታዲያ ባክቴሪያው በምን ያመልጣል? አብርሃምና ቼይን የተባሉ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1940 ፔኒሲሊንን የሚያጠፋ ኢንዛይም በባክቴሪያ ውስጥ ማግኘታቸውን አስታወቁ። ይህ ኢንዛይም ከቤታ ላክታሜዝ ወገን ነው። ብዙዎቹ ቤታ ላክታሜዞች ቀለበቱን የሚከፍቱት ልክ እንደ ትራንስፔፕቲዴዝ ተጣብቀውበት ነው። ልዩነቱ ወዲያው ውሃ ገብቶ ያላቅቃቸዋል፤ የተሰበረውን ጥለው ሌላ ይይዛሉ። ኃይለኛው ዓይነት በ1 ሴኮንድ 1,000 ያህል ፔኒሲሊን ይሰብራል። መጠን መጨመር ብዙ ጊዜ የማይረዳው ለዚህ ነው።

ይህን በዓይን ማየትም ይቻላል። በላቦራቶሪ ባክቴሪያውን ከፔኒሲሊን ጋር ያቆዩትና አዮዲንና ስታርች ይጨምሩበታል። የተሰበረ ፔኒሲሊን አዮዲኑን ስለሚያጠፋው ሰማያዊው ቀለም ይለቃል። ያልተሰበረው ግን አይነካውም።

መላውስ? ክላቩላኒክ አሲድ የሚባለው እሱም ቤታ ላክታም ቀለበት አለው። ቤታ ላክታሜዙ ሲይዘው በቀላሉ አይላቀቅም፤ አብሮት የተሰጠው አሞክሲሲሊን በዚህ መሐል ሥራውን ይሠራል። ሆኖም አንዳንድ ባክቴሪያ መድኃኒቱን ከመስበር ይልቅ የማይያዝ ሌላ ትራንስፔፕቲዴዝ ያበጃል። እዚያ ላይ ክላቩላኒክ አሲድ አይረዳም።

እባጭን አዘውትሮ የሚያመጣው ስታፊሎኮከስ አውሬየስ አብዛኛውን ጊዜ ፔኒሲሊን የሚሰብር ነው። ጓደኛችንም እባጩ ተበጥቶ መግሉ ወጣለት፣ መድኃኒቱም ተቀየረለትና ዳነ። ሰውነቱማ ምንም አልለመደም፤ የለመደው ባክቴሪያው ነበር።