አንድ ግብይት ሁለት ጊዜ የሚጻፍበት ምክንያት

አንድ ነጋዴ የ40,000 ብር ስኳር ገዝቶ 15,000 ብር በጥሬ ገንዘብ ከፈለ፤ ለቀረው 25,000 ብር ባለዕዳ ሆነ እንበል። በነጠላ መዝገብ የሚጽፍ ሰው «15,000 ብር ወጣ» ብሎ ያልፋል፤ አቅራቢው ቀሪውን ሲጠይቀው ግን የሚያመሳክርበት ጽሑፍ የለውም። በሁለት ወገን አመዘጋገብ የገባው ነገርና የተገኘበት ምንጭ አብረው ይጻፋሉ። ስለዚህ የዕቃው ሒሳብ በ40,000 ብር ዴቢት፣ ጥሬ ገንዘቡ በ15,000፣ የአቅራቢው ሒሳብም በ25,000 ብር ክሬዲት ይሆናል።

ዴቢት የሒሳቡ ግራ ወገን፣ ክሬዲትም ቀኝ ወገን ነው እንጂ፣ አንዱ ጉዳት ሌላው ጥቅም ማለት አይደለም። ንብረትና ወጪ በዴቢት ይጨምራሉ፤ ዕዳ፣ ካፒታልና ገቢ ደግሞ በክሬዲት። ባንክ ገንዘብ ላስገባ ደንበኛ «ሒሳብዎ ክሬዲት ሆኗል» ብሎ ሲጽፍ ጀማሪው የሚደናገረው፣ ባንኩ የሚናገረው ከራሱ መዝገብ መሆኑን ስለሚዘነጋ ነው፤ የደንበኛው ገንዘብ ለባንኩ ዕዳ ነውና። በነጋዴው መዝገብ ያው ገንዘብ ዴቢት ነው።

የሁለቱ ወገን ድምር ካልተካከለ ስሕተት መኖሩ የታወቀ ነው። ነገር ግን ያ 25,000 ብር በሌላ አቅራቢ ስም ተጽፎ እንደሆነ ድምሩ እኩል ሆኖ ይታያል፤ ስሕተቱ የሚገለጠው ለምሳሌ አቅራቢው የላከው የሒሳብ መግለጫ ከመዝገቡ ጋር ሲመሳከር ነው።