ምዕራፍ ሰባት፦ መጀመሪያ ድምፁ

የአምስት ደቂቃ የሠርግ ፊልም አከርካሪው የሰው ንግግር ነው። ቀሚሱ፣ መኪናው፣ ኬኩ በየሠርጉ ይመሳሰላሉ፤ የሙሽራዋ እናት የሚናገሩት ግን የዚያ ቤት ብቻ ነው። ስለዚህ የቀረጻ ዕቅዳችሁን ከቃለ መጠይቁ ጀምሩ።

ጥያቄው

እናትየውን ከሠርጉ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ አነጋግሩ። በዕለቱ ቤቱ ይንጫጫል፤ እሳቸውም ፋታ አያገኙም። ቴሌቪዥኑንና ፍሪጁን አጥፉ፤ ማይኩን ነጠላቸው እንዳይነካው አድርጋችሁ ልብሳቸው ላይ ስኩ።

«ምን ተሰማዎት?» ብትሏቸው «ተመስገን፣ ደስ ብሎኛል» ብለው ይጨርሳሉ። «ልጅዎ አባቷ ከሥራ እስኪመጣ የምትጠብቀው የት ነበር?» ብትሏቸው ግን «ይሄ በር ላይ ተቀምጣ ነበር አባቷን የምትጠብቀው፤ ሳይመጣ እራት አትበላም» ሊሉ ይችላሉ። የእናንተ ድምፅ ተቆርጦ ስለሚወጣ፣ መልሱን ሙሉ አድርገው እንዲናገሩ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ተናግረው ሲጨርሱም ቶሎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አትለፉ፤ ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ ከዝምታው በኋላ ይመጣል።

ዕቅዱ

አሁን በሩ የፊልሙ ማዕከል ሆኗል። በዕለቱ ጠዋት ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር ሲመጣ ሴቶቹ እየዘፈኑ በሩን ይዘጋሉ። ይህ የማይደገም ነገር ስለሆነ አንዱ ካሜራ ቀድሞ ከግቢው ውስጥ፣ ከሴቶቹ ትከሻ ኋላ ይቁም፤ ሌላው ከሙሽራው ጋር ይምጣ። ቀለበትና ጫማ በኋላም ይቀረጻሉ።

ሙሽሮቹ የወላጆችን ጉልበት ሲስሙ ከጎን ሆናችሁ ካሜራውን ወደ ወላጆቹ ጉልበት ከፍታ ዝቅ አድርጉ። ከኋላ የቆመ ሰው የሚያገኘው ጀርባ ብቻ ነው። ለሚመርቁት ሽማግሌ ማይኩን ከመነሳታቸው በፊት ስኩላቸው፤ የካሜራው ማይክ ከርቀት የሚይዘው በአብዛኛው የአዳራሹን ጫጫታ ነው።

ቅንብሩ

መጀመሪያ ድምፁን ብቻ ደርድሩ። ለአምስት ደቂቃ ፊልም አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ንግግር ይበቃል፤ የቀረው ለዘፈኑ፣ ለእልልታውና ለሙዚቃው ይተው። የእናትየው ትዝታ ይቅደም፣ የበሩ ጭፈራ ይከተል፣ ከዚያ ጉልበት መሳሙና ምርቃቱ ይምጣ። ምርቃቱን ስታሳጥሩ ሙሉ ሐረግ ከነ«አሜኑ» አስቀሩ፤ መሃል ላይ የተቆረጠ ምርቃት ሽማግሌውንም ቤተሰቡንም ያስከፋል።

ምስል ሳትጨምሩ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አዳምጡት። ማን ማንን እንደሚድር፣ ማን ምን እንደሚሰማው ካልገባችሁ ንግግሩን እንደገና ደርድሩ፤ የሚያምር ምስል ይህን ጉድለት አይሞላውም። ከገባችሁ ምስሉን አስገቡ። እናትየው «በር» ባሉ ቁጥር ግን በር አታሳዩ፤ በንግግራቸው ጊዜ ፊታቸው ይታይ፣ በሩ ሙሽራው ሲደርስ ይምጣ። ያኔ ተመልካቹ አባቷን የጠበቀችበት በር መሆኑን ራሱ ያስታውሳል።